ጳጉሜ የሌለው ጾም

እኛ ሰፈር ላም ለሁዳዴ አትወልድም። ማን እንደደነገገው አላውቅም፣ ግን ከብት ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ ላሟ በሰኔ ወይም በሐምሌ በኮርማ ትጠቃለች፣ ለፋሲካ ትወልዳለች፣ ጾሙ ሲፈታ ወተቷ ይደርሳል። በጾም መግቢያ የወለደች ላም ግን ባለቤቷን ታስለቅሳለች ይባላል። ይህን ደንብ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። እያወቅኩ፣ አስልቼ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሳቀብኝ አፈረስኩት። ዛሬ ስናገረው ትኮራለች ብትሉኝ አዎ እኮራለሁ፣ ለምን አልኮራም?

የምንኖረው ለቡ ነው፣ ከመብራት ኃይል ትንሽ ገባ ብሎ። አሁን ኮንዶሚኒየሙ የቆመበት ቦታ አባቴ ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ነበር። ማሳው ሄደ፣ ግቢው ቀረ፤ ከግቢው ጀርባ ደግሞ በረቱ ቀረ። በበረቱ ውስጥ ቀይዋ ላሜ አለች። የእናቴ ላም የልጅ ልጅ ናት። ከዚያ ከማሳው ዘመን በሕይወት የተረፈልኝ ነገር ቢኖር እሷ ብቻ ናት፣ ለዚህ ነው እንዲህ የምንገበገብላት።

ባሌ መጥፎ ሰው አይደለም። ግን ሰው ሁሉ ግቢውን ሰርቪስ ቤት እየሠራ ሲያከራይ እያየ፣ እሱ ፉርሽካ ተሸክሞ መግባቱ ያንገበግበው ጀመር። ያን ዓመት ቀይዋ ያለ ደንቡ በጥር ወለደችብኝ፤ የማዳቀል ባለሙያው እየተመላለሰ ወራት ሙሉ አልያዘላትም ነበርና ወሩ ተዛባ። ሁዳዴ ሲገባ ወተቱ እንደ ምንጭ ይፈሳል፣ የሚገዛው ግን የለም። ጴንጤ ጎረቤቶቼ፣ ከደቡብ የመጡት፣ እግዜር ይስጣቸው ዓመቱን ሙሉ ይወስዳሉ፤ እነሱ ግን ስንት ቤት ናቸው? ቅቤ አታወጪውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አወጣሁ እንጂ! ክንዴ እስኪዝል ናጥኩ። አሬራው ግን ማን ይጠጣዋል? ላም ደግሞ ጾም ነው ተብሎ ሳትታለብ አትተውም፣ ጡቷ ይታመማል። እያለብኩ ደፋሁ። ወተት መድፋት ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው አይፍረድብኝ፤ አለቀስኩ።

በዚያው ሁዳዴ አጋማሽ ላይ፣ መጋቢት ላይ፣ ነገሩ ተለወጠ። ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ ቁርስ ቤት ያላት አንዲት ስልጤ ወዳጅ አለችኝ። ዱሮ በጠዋት ለሻይ ወተቷ ጥቂት ትወስድ ነበር። ያን ቀን ሁለት ጄሪካን ይዛ መጣች።

"ረመዳን ገባ አይደል! ለአፍጥር ሳምቡሳና እርጎ ልሸጥ ነው። ያለሽን ሁሉ ስጪኝ" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ፋሲካ አንድ ጣሳ አልደፋሁም።

ባሌ ግን የደፋሁትን እንጂ የሸጥኩትን አላየም። ፋሲካ እንዳለፈ ቁጭ ብሎ እንዲህ አለኝ፤ "በጾም ከወለደች ወተቷ ይደፋል። በደንቡ ለፋሲካ ከወለደች ደግሞ ሁዳዴን ነጥፋ ትበላለች። እንዲህም ብለሽ እንዲያም ብለሽ ሁዳዴ ይበላናል። ትሸጥና በረቱን አፍርሰን የሚከራይ ክፍል እንሥራበት።"

"እሷን ከምትሸጥ እኔን ሽጠኝ!" አልኩት።

"አንቺን ማን ይገዛኛል?" ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ "አንድ ሁዳዴ ስጠኝ። በሚቀጥለው ሁዳዴ ላሚቱ ራሷን ካልቻለች አፌን አልከፍትም፣ በረቱን አፍርስ" አልኩት። እሺ አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ሁለታችንም በቃላችን ታሰርን።

ያን የተናገርኩት እንዲሁ በግትርነት ብቻ አልነበረም። አንድ ሐሳብ በልቤ ነበረ፤ የወዳጄ ጄሪካን። ግን እዚህ ላይ ትልቅ ስህተት ልሠራ ነበር። ዘንድሮ ረመዳን የገባው መጋቢት አጋማሽ ላይ ነው፣ ስለዚህ በሚቀጥለውም ዓመት መጋቢት አጋማሽ ላይ ነው ብዬ ደመደምኩ። ገና በታኅሣሥ ነው፣ መስቀል በመስከረም ነው፤ የሰው በዓልም እንዲሁ ቀኑን የሚጠብቅ መስሎኝ! ከኢድ በኋላ ቁርስ ቤቷ ሄጄ "በሚቀጥለው ዓመትም መጋቢት አጋማሽ ላይ ስትጾሙ ወተቱን ሁሉ ከኔ ትወስጃለሽ?" ብዬ ጠየቅኳት።

የያዘችውን ጭልፋ አስቀምጣ ሳቀችብኝ። "ወላሂ እዚህ አገር ተወልደሽ አድገሽ ይህን አታውቂም? ልጅ ሆኜ ረመዳንን ጭቃ እየረገጥኩ በክረምት ጾሜዋለሁ፤ ደመናው ጨረቃዋን ሸፍኖ አላሳይ እያለን። በታኅሣሥ ብርድ ጾሜዋለሁ። መስቀል ሲበራም ጾሜያለሁ። የኛ ጾም ተቀምጦ አይጠብቅሽም፣ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል።"

"ለምንድነው የሚቀድመው? ማን ያስሮጠዋል?"

"ማንም አያስሮጠውም። የኛ ወር የጨረቃ ነው። ጨረቃ ስትታይ ወር ገባ፤ ሃያ ዘጠኝ ቀን ወይም ሠላሳ ቀን ቆይታ እንደገና ስትታይ ሌላው ወር ገባ። እንዲህ አሥራ ሁለት ጊዜ ሲሞላ ዓመታችን አለቀ። የናንተ ዓመት ግን ገና አላለቀም። እናንተ ጳጉሜን ታስገባላችሁ፣ እኛ ጳጉሜ የለንም እህቴ።"

ጳጉሜ የለንም! ይህች ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ማታ ቀይዋን እያለብኩ ሳሰላስላት ነበር። ጳጉሜ አምስት ቀን ናት፤ እሷ እንኳ አሥራ አንድ አትሞላም። ታዲያ ሌላው ስድስት ቀን ከየት መጣ? ባልዲው ግማሽ ሲደርስ መጣልኝ። የኛ ወር ሁሉ ሠላሳ ነው፣ አይዛነፍም። የጨረቃ ወር ግን አንዴ ሃያ ዘጠኝ፣ አንዴ ሠላሳ እያለች ሃያ ዘጠኝ ተኩል ያህል ናት። እንግዲህ በየወሩ ጨረቃ በግማሽ ቀን ትቀድመናለች። አሥራ ሁለት ግማሽ ቀን ስድስት ቀን ነው። ከወሮቹ ስድስት፣ ከጳጉሜ አምስት፤ አሥራ አንድ! እዚያው በረት ውስጥ "እሰይ!" ብዬ ስጮህ ቀይዋ ደንግጣ ባልዲውን ልትረግጠው ነበር።

ይህችን ስሌት ማንም አላስተማረኝም። ሊቃውንቱ ከጥንት ያውቋታል፣ እሱን ኋላ ሰማሁ፤ ግን እኔ ላሜ ሥር ተቀምጬ ራሴ አገኘኋት፣ ማንም አይወስድብኝም።

ደስታዬ እስከ ጠዋት ነው የቆየው። ጠዋት ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። ረመዳን ይቀድማል፤ ሁዳዴስ? ሁዳዴም እኮ ቀኑን ይለዋውጣል! ሁለቱም የሚንቀሳቀሱ ከሆነ እኔ በየትኛው ላይ ልቆም ነው? ቢተላለፉስ? አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፣ ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩ የኔታ። ወደ እሳቸው ሮጥኩ። ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው።

"የኔታ፣ የእስላሞቹ ጾም ዓመቱን ሁሉ ሲዞር፣ የኛ ለምን ከበጋ አይወጣም?" አልኳቸው።

"ምን ልታደርጊው ነው?"

"ላሜን ላስጠቃ ነው።"

ስቀው ሊሞቱ! ከዚያ ግን እንደ ተማሪ አስቀምጠው አስረዱኝ። "ያቺን አሥራ አንድ እኛም እናውቃታለን ልጄ። አበቅቴ የሚባለው ስሌታችን የሚነሳው ከእሷ ነው። በየዓመቱ አሥራ አንድ እየደመርን እንሄዳለን። ድምሩ ከሠላሳ ሲያልፍ ግን ሠላሳውን እናወጣዋለን፣ ማለት አንድ ሙሉ የጨረቃ ወር እንጨምራለን። በዚህ ምክንያት የኛ ጾም ቀደም ይላል፣ ቀደም ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እንደ ታሰረ በግ በችካሉ ዙሪያ ነው። እነሱ ወር አይጨምሩም። ስለዚህ የነሱ ጾም በየወቅቱ እያለፈ ዓመቱን ይዞራል፤ ተመልሶ እዚያው ለመድረስ ሠላሳ ሁለት ሠላሳ ሦስት ዓመት ይፈጅበታል።"

"በሚቀጥለው ዓመትስ ሁዳዴ መቼ ነው?"

ጣታቸውን እየቆጠሩ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ትንሽ ቆዩ። "ወደ ኋላ የሚመለስበት ዓመት ነው። መጋቢት መባቻ ላይ ይገባል" አሉ።

እኔም ቆጠርኩ። ረመዳን ዘንድሮ በመጋቢት አጋማሽ፤ አሥራ አንድ ቀን ሲቀነስ መጋቢት መባቻ አጠገብ ነው። በዚያ ላይ የዚያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ነበረች፣ አንድ ቀን ተጨማሪ ይቀድማል። ሁለቱ ጾሞች አንድ ላይ ሊገቡ ነው! ክርስቲያኑ ወተት ባቆመበት ቀን እስላሙ ይጀምራል። የየኔታን ጉልበት ስሜ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የላም ጉዳይ ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም አያስተምረኝም። ላም ዘጠኝ ወር ከሳምንት ከምናምን ትሸከማለች። ጳጉሜ ለጨረቃ አትቆጠርም እንጂ ለላም ትቆጠራለች። ለየካቲት እንድትወልድልኝ በግንቦት መጠቃት አለባት። ግንቦት ላይ ኮርማ ስትፈልግ የማዳቀል ባለሙያውን ጠራሁት።

"እማማ፣ ከአሁኑ? ይህች እኮ ለሁዳዴ መግቢያ ትወልዳለች" አለ።

"አውቃለሁ፣ ሥራህን ሥራ።"

ነገሩ በአንድ ቀን ሰፈሩን ዞረ። ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ ስቆም "ለሁዳዴ የምታስወልደው መጣች" ይሉ ነበር። ባሌማ መተረቻ አደረገኝ። ጨረቃ ቆጥሬ እንደሆነ ሲሰማ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው!" እያለ እራት በቀረበ ቁጥር ይስቃል።

"የኔ ላም በረት ነው ያለችው፣ በሰማይ ያለችው ጨረቃ ናት፤ ልዩነቱን እወቅ" እለዋለሁ። ማታ ማታ ግን እንደገና እቆጥር ነበር። የኔታ ቢሳሳቱስ? እኔ ብሳሳትስ?

በየካቲት አጋማሽ ወለደች። ሴት ጥጃ፣ ቀይ፣ እንደ እናቷ ግንባሯ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት። እንገሩ አልፎ ወተቱ ሲጠራ ባልዲው ጢም ይላል። ሁዳዴም የኔታ እንዳሉት በመጋቢት መባቻ ሰኞ ሊገባ ሆነ። የቅበላ እሁድ ሰው ሁሉ የመጨረሻ ወተቱን ሊጠጣ በራፌ ላይ ተሰለፈ፣ ጠብታ አልቀረም። በዚያው እሁድ ምሽት ደግሞ ጨረቃ ትጠበቅ ነበር። ከታየች ጾሙ ሰኞ ይገባል፣ ካልታየች ማክሰኞ። ስልኬ ጮኸ፤ ወዳጄ ናት። "ታየች ተብሏል! ነገ ጾም ነው!" አለችኝ። ሁለቱም በአንድ ሰኞ! "ሰማህ?" አልኩት ባሌን። "ሰማሁ፣ ነገ እናያለን" አለ።

ሰኞ ጠዋት አልቤ በሩን ከፍቼ ቆምኩ። ማንም አልመጣም። ከጴንጤዎቹ ሁለት ሦስት ቤት ወሰዱ፣ አበቃ። ፀሐይ ወጣች፣ ቁርስ ሰዓት አለፈ፣ ባልዲዎቹ እንደሞሉ ተገትረዋል። ወዳጄ ጋ ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። በዚህ ላይ ባሌ ምን አደረገ መሰላችሁ? ግንበኛ ይዞ መጣ! ግንበኛው ሜትሩን ዘርግቶ በረቱን መለካት ጀመረ፤ ቀይዋ ጥጃዋን እየላሰች ታየዋለች።

"ምነው፣ ዛሬ ገና አንደኛው ቀን እኮ ነው!" አልኩ።

"ለመለካት ነው እንጂ ማን አፈረሰ? ባልዲሽ ግን መልሱን የሰጠሽ ይመስላል።"

በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ሳዝን ሳዝን ድንገት ብልጭ አለልኝ። ምን ዓይነት ድንጋይ ራስ ነኝ! ዓመት ሙሉ ጾሙ የሚገባበትን ቀን ሳሰላ ከርሜ፣ ጾሙ የቀን መሆኑን፣ ወዳጄም አምና የምትመጣው ማታ ማታ እንደነበር ረሳሁት! የሚጾሙት ቀን ነው፤ ከንጋት እስከ ፀሐይ ግባት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ቁርስ ቤት በረመዳን ጠዋት ማን ይከፍታል? እኛ ወተት በጠዋት የምንሸጥ ሰዎች ሰው ሁሉ በጠዋት የሚጠጣ ይመስለናል። ወዳጄ ሳይነጋ ተነስታ ስሁሯን በልታ፣ ሰግዳ፣ ስልኳን ዘግታ ተኝታለች።

ብድግ አልኩ። የጠዋቱን ወተት በንጹህ እቃ አድርጌ ለእርጎ አስቀመጥኩት፤ ለነገ ይደርሳል። ግንበኛውንም "ጨርሰህ ከሆነ ዳቦና ሻይ አለልህ" አልኩት። ባሌ "ይቺ ሴት ምን አሰበች?" ብሎ አየኝ።

አሥር ሰዓት ሲሆን የማታውን ማለብ ጀመርኩ፤ ገና አንዱን ባልዲ ሳልጨርስ የበሩ ቆርቆሮ ተንኳኳ። ወዳጄ ናት፣ ሁለቱን ጄሪካን ይዛ። ብቻዋን ግን አልነበረችም። ከኋላዋ የኮንዶሚኒየሙ ሴቶች፣ አንዷ ፔርሙስ፣ አንዷ የዘይት ጠርሙስ፣ አንዷ ድስት ይዛ ተሰልፈዋል። "ሰፈሩ ውስጥ ወተት ቤት ሁሉ ነጥፏል፣ ላም ያላት አንቺ ብቻ ነሽ አሉን" አለችኝ። ነጥፏል! በደንቡ ነዋ፣ ላሞቹ ሁሉ ለፋሲካ ሊወልዱ። ለሰፈሩ ያለች የምትታለብ ላም የኔ ብቻ ሆነች። ከባልዲ ወደ ድስት፣ ከባልዲ ወደ ፔርሙስ እየቀዳሁ ባልዲዎቹን አሟጠጥኩ። የመጨረሻዋ ሴት ባዶ እቃ ይዛ ቆማ "ለነገ ያዢልኝ" ብላ ሄደች። እርጎውንም በማግስቱ ተሻሙበት።

ግንበኛው አልሄደም ነበር፣ ሻዩን ይዞ ያያል። ባሌም ያያል። ሴቶቹ ሲወጡ ባሌ ወደ ግንበኛው ዞሮ "ሜትርህን ጠቅልል" አለው። ማታ ፉርሽካውን ራሱ ተሸክሞ ለቀይዋ ሰጣት፣ ትንሽም ቆሞ ጀርባዋን ሲዳብሳት አየሁት። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

እስከ ኢድ ድረስ አልደፋሁም። ከኢድ በኋላ ሁዳዴው ገና ይቀር ነበር፤ ያን ጊዜ ቅቤ አወጣሁ፣ ለፋሲካ ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመትም፣ ዘንድሮም እንዲሁ ሆነ፤ ሁለቱ ጾሞች ቀናት ብቻ ተለያይተው ተከታትለው ገቡ። አሁን ወፍጮ ቤት ስሄድ ማንም አይስቅም። ሴቶቹ ጠጋ ይሉና በሹክሹክታ "ዘንድሮ መቼ ትያለሽ?" ይሉኛል። እንደ ሐኪም ፊቴን ኮስተር አድርጌ እነግራቸዋለሁ። ኧረ እንዴት ደስ እንደሚል!

ዘንድሮ ከኢድ ማግስት ወዳጄ ብስኩት ይዛልኝ መጣች። በረንዳው ላይ ተቀምጠን የሚመጣውን ዓመት አሰላን። ረመዳን ደግሞ አሥራ አንድ ቀን ሊቀድም ነው፤ የካቲት መግቢያ ላይ ይደርሳል። ሁዳዴ ግን የኔታ እንዳሉኝ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የካቲት ማብቂያ ላይ ነው። እነሱ ኢድ ሲያከብሩ እኛ ጾም ልንይዝ ነው። ተለያየን ማለት ነው።

"ከዚያ በኋላ ወደ ጥር፣ ወደ ታኅሣሥ እያልን እንሄዳለን። ዞረን ሁዳዴያችሁ ላይ እንደገና እስክንደርስ ሠላሳ ዓመት ያህል ነው" አለች።

"ያን ጊዜ ማን ይኖራል?"

"እኔና አንቺ ባንኖር ጥጃሽ ትኖራለች፣ የጥጃሽ የልጅ ልጅ፣ ኢንሻአላህ" ብላ ጉልበቴን መታ አደረገችኝ። ሳቅን፣ ግን ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

ያቺ በመጀመሪያው ሁዳዴ የተወለደችው ጥጃ አሁን ጊደር ሆናለች። ሚያዝያ ላይ ኮርማ ፈለገች። እኔ የማዳቀል ባለሙያውን ልደውልለት ስልኬን ስፈልግ፣ ባሌ ቀድሞኝ ጠርቶት በር ላይ ደርሷል። ልጁ ልማዱን አውቆ "ለእናቲቱም አሁኑኑ ነው?" ሲል ሰማሁ።

"የለም!" አለ ባሌ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ጊደሯን ዛሬ፣ ለእስላሞቹ ጾም። እናቲቱን እንደ ድሮው በሐምሌ፣ ለፋሲካ፤ ጾሞቹ ለከርሞ ይለያያሉ።" ከዚያ የልጁን ትከሻ ይዞ፣ እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ እየሰማሁት፣ "ስትቆጥር ደግሞ ጳጉሜን እንዳትረሳ! ይህን ያወቀችው የኔ ሚስት ናት" አለው።